የፈረስ ጉልበቱን ተዉትና መጀመሪያ ጌጅ ግዙ

የሮቢት ሙቀት ጠንከር ማለት ሲጀምር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ቲቸር፣ ቤት ውሃው ኃይል የለውም፣ ስንት ፈረስ ዲናሞ ልግዛ?» አብዛኛው ጠያቂ ደግሞ መልሱን በሆዱ ይዞት ነው የሚመጣው፦ ጎረቤቱ ባለ አንድ ፈረስ ካስገባ እሱ ባለ አንድ ተኩል ይፈልጋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለአብዛኛው የከተማችን ቤት፣ ባለ አንድ ፎቁን ጨምሮ፣ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበቷ ትንሽ ፓምፕ ትበቃለች። ፓምፕን የሚያኖረውም የሚገድለውም የፈረሱ ቁጥር ሳይሆን ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የፕሬዠር ስዊቹ አሞላልና በትንሿ ታንክ ውስጥ ያለው አየር። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ጠያቂ ሊንኩን ብቻ ልላክለት።

ከግዢው በፊት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። «ውሃው ደካማ ነው» የሚለው ቃል ሦስት የተለያየ በሽታ ይሸፍናል። አንደኛው ውሃው ጭራሽ አለመምጣቱ ነው፤ ፈረቃ ላይ ናችሁ፣ መስመሩ ባዶ ነው፣ ፓምፕ ደግሞ ውሃ አይፈጥርም። ሁለተኛው ውሃው እየመጣ ቧንቧችሁ መታፈኑ ነው። ድሮ የተዘረጋ ባለ ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ቆርጣችሁ ብታዩት ውስጡ ዝጎ እርሳስ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ሲቀር ታያላችሁ። ሦስተኛው ትክክለኛው የግፊት ማነስ ነው፤ ውሃው አለ፣ ቧንቧው ንጹሕ ነው፣ ግን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የለም። ፓምፕ የሚያድነው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ሦስቱን ለመለየት አንድ የግፊት መለኪያ ጌጅ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል። ግቢ ካለው ቧንቧ ላይ ቲ አስገብታችሁ በአንድ በኩል ጌጁን፣ በሌላው በኩል ቧንቧውን አድርጉ። ውሃው በመጣበት ሰዓት ቧንቧውን ዘግታችሁ ጌጁን አንብቡ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ክፈቱትና ጀሪካኑ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ፣ ጌጁም ስንት ላይ እንደሚወርድ እዩ። ተዘግቶ 2 ባር ሲያሳይ ቆይቶ ሲከፈት ወደ ዜሮ ተንሸራትቶ ጀሪካኑን አራት አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቃችሁ ከሆነ ቧንቧ ቀይሩ፣ ፓምፕ አትግዙ። ተዘግቶም ተከፍቶም ዝቅተኛ ሆኖ ጀሪካኑ ግን ቶሎ የሚሞላ ከሆነ፣ እሱ ነው የእኛ ጉዳይ።

የጌጁ ቁጥር በሜትር ቢታሰብ ይቀላል። 1 ባር ማለት ውሃን 10 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ማቆም የሚችል ግፊት ነው። ሦስት ሜትር ስታንድ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ሻወር የሚሰጠው የአንድ ሜትር ልዩነት ነው፣ 0.1 ባር መሆኑ ነው። ከዚያ ሻወር ራስ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ስለዚህ «ሮቶ ሰቅዬ ለምን ግፊት አጣሁ» ለምትሉ መልሱ ይኸው ነው። ምድር ቤት ብቻ ያለው ሰው ስታንዱን ወደ ስድስት ሜትር ቢያሳድግ ያለ ምንም ፓምፕ ሊገላገል ይችላል፤ መብራት ሲጠፋም ውሃው አይቋረጥበትም። ይሄ ብዙም የማይወራ አማራጭ ነው፣ ነጋዴም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ቤት ልውሰዳችሁ። ከፋሲካ በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ፤ አሁን ኤሌክትሪሺያን ነው። አንዲት እናት ከታች ራሳቸው የሚኖሩበት፣ ከላይ የሚያከራዩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት አላቸው። ባለ አንድ ተኩል ፈረስ ፓምፕ ገዝተው በቀጥታ ከቆጣሪው በኋላ አስገጥመውት ነበር፤ ተቃጠለ። ሁለተኛ ሊገዙ ሲሉ ልጁ «ቲቸር ይይልዎት» ብሎ አስቆማቸው።

ሄድን። «እትዬ፣ ሲሠራ ድምፁ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጠጠር የዋጠ ነበር የሚመስለው። ጎረቤቶቼም ውሃችንን ጠጣሽው ብለው ተቀየሙኝ» አሉኝ።

ሁለቱም እውነት ነው። ፓምፕ ከሚመጣለት ውሃ በላይ ሊስብ ሲሞክር መግቢያው ላይ ውሃው ይቦጫጨቃል፣ አረፋ እየሠራ አረፋው ሲፈነዳ ያ የጠጠር ድምፅ ይሰማል። በቀጥታ ከመስመር ሲስብ ደግሞ የመንደሩን መስመር ባዶ ያደርጋል። ይህ የጉርብትና ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ሲወርድ፣ ሌላ ጊዜ ውሃ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥበው ስንጥቅ ሁሉ በዙሪያው ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ያንን ውሃ እናንተም ጎረቤትም ትጠጣላችሁ። ፈረቃው ሲያበቃ ደግሞ ፓምፑ ደረቁን ይሽከረከራል፤ የእትዬ ፓምፕ የሞተው በዚህ ነው። በውሃ መቀዝቀዝ የነበረበት የዘንጉ ማሸጊያ ነዶ ውሃው ወደ ሞተሩ ገብቷል። ስለዚህ ሕጌ አጭር ነው፦ መስመሩ ሮቶ ይሙላ፣ ፓምፑ ከሮቶ ይሳብ።

ሌሊት ውሃው ሲመጣ ጌጁን አየነው። ተዘግቶ 0.6 ባር፣ ተከፍቶ 0.4፣ ጀሪካኑ በአንድ ደቂቃ ተኩል ሞላ። ይህ ማለት ውሃው ስድስት ሜትር ድረስ ብቻ ይወጣል ማለት ነው፤ የላይኛው ሻወር ደግሞ አምስት ሜትር ተኩል ላይ ነው። ከላይ ተከራዮቹ ምንም ባያገኙ አይገርምም። ፍሰቱ ግን በደቂቃ 13 ሊትር ገደማ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ በዚህ ፍሰት በሁለት ሰዓት ተኩል ይሞላል፣ የሚሞላውም በመስመሩ በራሱ ግፊት ነው። ሮቶውን ደረጃው ሥር ጥላ ላይ አስቀመጥነው፣ መግቢያው ላይ ተንሳፋፊ መዝጊያ አደረግን። ከሥሩም አንድ ቧንቧ ለብቻ አወጣን፤ መብራት ሲጠፋ ያለ ፓምፕ በጀሪካን ይቀዳበታል።

የፓምፑ ምርጫ እንዲህ ሆነ። በአንድ ጊዜ ምን ምን ይከፈታል? አንድ ሻወር በደቂቃ 8 ሊትር፣ ወጥ ቤት ደግሞ 6 ሊትር፤ በድምሩ 15 እንበለው። ሻወሩ ላይ ደስ የሚል ውሃ እንዲወርድ ከግማሽ እስከ አንድ ባር ይበቃዋል። ከዚህ ላይ አምስት ተኩል ሜትር ከፍታውን ስንጨምርበት ፓምፑ ዘንድ ከ1.2 እስከ 2 ባር አካባቢ ማግኘት አለብን። በቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰሌዳው ላይ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለችው ባለ ግማሽ ፈረስ፣ 370 ዋት ፓምፕ ሰሌዳዋ ላይ ከፍተኛ ከፍታ 40 ሜትር፣ ከፍተኛ ፍሰት በደቂቃ 40 ሊትር የሚል ተጽፎባታል። ገዢው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኝ ይመስለዋል። አያገኝም። 40 ሜትሩ የሚገኘው ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ምንም ውሃ ሳይፈስ ነው፤ 40 ሊትሩ ደግሞ ምንም ከፍታ ሳይኖር ባልዲ ውስጥ ስትለቁት ነው። እንደዚህ ያለች ፓምፕ በመካከሉ የምትሰጠው በግምት ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ግማሹን ፍሰት ስትፈልጉ ግማሹን ከፍታ ታገኛላችሁ። 15 ሊትር ስንፈልግ ወደ 25 ሜትር፣ ማለትም 2.5 ባር ይቀረናል። ለእትዬ ቤት ከበቂ በላይ ነው። የአንድ ተኩል ፈረሱ ፓምፕ ትርፉ የመብራት ሂሳብና ሲነሳ አምፖሉን ማደብዘዝ ነበር።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ሥራው ስዊቹ ላይ ይጀምራል።

ፕሬዠር ስዊቹ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ግፊቱ ወደ ታች ሲወርድ በአንድ ቁጥር ላይ ፓምፑን ያስነሳል፣ ወደ ላይ ሲወጣ በሌላ ቁጥር ላይ ያቆማል። በብዛት ከፋብሪካ ሲወጣ 1.4 ባር ላይ እንዲነሳ፣ 2.8 ላይ እንዲቆም ተሞልቶ ነው። ገጣሚዎቻችን ክዳኑን ሳይከፍቱ እንዳለ ይገጥሙታል። ቀን ላይ ሞክረውት ይሠራል፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ማታ ላይ የሚሆነውን አያዩም።

ማታ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ምጣድና ስቶቭ ሲለኩስ መብራቱ ይወርዳል። በረመዳን በአፍጥር ሰዓት ደግሞ ልዩነቱን በዓይን ታዩታላችሁ። ተማሪዬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በመልቲሜትር ሲለካ 220 መሆን የነበረበት 180 ቮልት ነበር። አዲሷን ፓምፕ ቀን ላይ ቧንቧ ዘግተን ስናስነሳት ጌጁ 3.6 ባር ላይ ደርሶ ቆመ። ማታ በ180 ቮልት ያው ፓምፕ 2.8 ላይ ቀረች። እንግዲህ አስቡት። ስዊቹ 2.8 ካልደረስኩ አላቆምም ይላል፣ ፓምፗ ደግሞ ከ2.8 አታልፍም። መርፌዋ እዚያው ትንቀጠቀጣለች እንጂ ስዊቹ አይቆርጥም። ሁሉም ቧንቧ ዝግ ነው፣ ፓምፗ ግን ያንኑ አንድ ኩባያ ውሃ እያማሰለች ታድራለች። ውሃው ይፈላል፣ የፕላስቲክ መገጣጠሚያው ይለሰልሳል፣ ጠዋት ላይ ፓምፗ ሞታ ትገኛለች። «ማርካው ጥሩ አይደለም» ይባልና ሌላ ይገዛል።

የዚህች ዓይነት ፓምፕ አንድ ጸባይ ነገሩን ያብሰዋል። በጎኗ ብዙ ጥርስ ያለው የነሐስ ጎማ ያላት ፓምፕ ከትልልቆቹ የመስኖ ፓምፖች ተቃራኒ ናት። የመስኖ ፓምፕ መውጫው ሲዘጋ ሞተሩ ይቀለዋል፤ እሷ ግን ሲዘጋባት ነው በጣም የሚከብዳት። ስለዚህ መብራት በወረደበት ሰዓት፣ ሞተሩ አቅም ባጣበት ሰዓት ነው ትልቁ ሸክም የሚጫንባት። ማሽኖ ማሳ ላይ ፓምፕ የምታንቀሳቅሱ የገጠር ወዳጆቼ፣ የእናንተን ልምድ እዚህ አታምጡት።

ስለዚህ የማቆሚያው ቁጥር የሚወሰነው በሰሌዳው ሳይሆን በማታው ልኬት ነው። መብራት በጣም በሚወርድበት ሰዓት ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ ፓምፑን አስነሱ። ስዊቹ ቀድሞ የሚያቆመው ከሆነ ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ አድርጉት። መርፌዋ መውጣት ስታቆም ቁጥሩን ያዙና ወዲያው ብሬከሩን አጥፉ፤ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት። ከዚያ ቁጥር ላይ ቢያንስ ግማሽ ባር ቀንሱ፤ ማቆሚያችሁ እሱ ነው። እኛ ከ2.8 ላይ 0.6 ቀንሰን 2.2 አልን። ትርፉ የተተወው በከንቱ አይደለም። የሮቶ ደለል የነሐሱን ጎማ እየበላው ሲሄድ በዓመት በሁለት ዓመት ያ 2.8 ራሱ ይወርዳል። ዛሬ ለጥቂት የሚያቆም ስዊች ከርሞ አያቆምም።

መነሻው ደግሞ ከማቆሚያው ቢያንስ አንድ ባር ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ከጠበበ ፓምፑ በየደቂቃው ይነሳል ይወድቃል። ስለዚህ 1.2። ላይኛው ሻወር ላይ ሲታሰብ፣ ፓምፑ ሊነሳ ሲል 0.65 ባር፣ ሊቆም ሲል 1.65 ባር ይደርሰዋል ማለት ነው። ቧንቧው ውስጥ የሚጠፋውን ጥቂት ብትቀንሱለትም ጥሩ ሻወር ነው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ምክንያቱም ክዳኑ ሥር ያሉት ብሎኖች መብራት አላቸው። ክዳኑ ሲከፈት በአብዛኛዎቹ ስዊቾች ሁለት ስፕሪንግ ታያላችሁ፣ ትልቅና ትንሽ። የትልቁን ብሎን ስታጠብቁ መነሻውም ማቆሚያውም አብረው ይወጣሉ፣ ስታላሉ አብረው ይወርዳሉ። ትንሿ መነሻውን ሳትነካ ማቆሚያውን ብቻ ከፍና ዝቅ ታደርጋለች፤ ማለትም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ታሰፋለች ወይም ታጠባለች። እኛ ከ1.4 እና 2.8 ነበር የተነሳነው። ትንሿን አላልተን ማቆሚያውን 2.4 አደረስነው፤ ልዩነቱ አንድ ባር ሆነ። ከዚያ ትልቁን ትንሽ አላልተን ሁለቱንም በ0.2 አወረድናቸው፤ 1.2 እና 2.2 ሆነ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር በላይ አታዙሩ፤ ከእያንዳንዱ ግማሽ ዙር በኋላ ክዳኑን መልሳችሁ፣ አብርታችሁ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ዘግታችሁ ጌጁን እዩ። ስፕሪንጎቹ በሌላ መንገድ የሚሠሩበት ስዊች ቢገጥማችሁም ጌጁ ወዲያው ይነግራችኋል።

አሁን ትንሿ ታንክ። ከፓምፑ ጋር አብራ የምትሸጠው ባለ 2 ሊትር ኳስ ወይም ለብቻ የምትገዛው ባለ 24 ሊትር በርሜል ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የውሃ ማጠራቀሚያ ትመስለዋለች። አይደለችም፣ የአየር ስፕሪንግ ናት። ውስጧ የላስቲክ ፊኛ አለ፤ ውሃው በፊኛው ውስጥ ይገባል፣ በፊኛውና በብረቱ መካከል ደግሞ አየር ታምቋል። ፓምፑ ውሃ ሲያስገባ አየሩ ይታመቃል፤ ፓምፑ ሲቆም አየሩ ውሃውን እየገፋ ለተወሰነ ጊዜ ያቀርባል። ይቺ ታንክ ባትኖር እጅ ለመታጠብ በከፈታችሁ ቁጥር ፓምፑ ይነሳ ነበር።

የአየሩ ልክ፣ ታንኳ ውሃ በሌለባት ሰዓት፣ ከመነሻው 0.2 ባር ዝቅ ያለ መሆን አለበት። መነሻችን 1.2 ስለሆነ አየሩ 1.0 ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ 1.5 አካባቢ ነው የሚመጣው። እንዳለ ብትገጥሙት ምን ይሆናል? ግፊቱ ከ2.2 ወርዶ 1.5 ሲደርስ ታንኳ ባዶዋን ትቀራለች፤ ፓምፑ ግን ገና 1.2ን እየጠበቀ ነው። በዚያች መሐል ሻወሩ ድንገት ይቋረጣል፣ ከዚያ ተንፍሶ ይመለሳል። ሳሙና ተቀብቶ የቆመ ሰው ያውቃታል። በተቃራኒው አየሩ በጣም ካነሰ ፊኛው ከልኩ በላይ ይለጠጣል፣ ታንኳ የምትሰጠው ውሃ ያንሳል፣ ፓምፑም ቶሎ ቶሎ ይነሳል።

መለካቱ ቀላል ነው፤ የባጃጅ ልጆች በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። ብሬከሩን አጥፉ፣ ቧንቧ ክፈቱና ውሃው ጨርሶ እስኪያልቅ፣ ጌጁም ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ። ይህን ሳታደርጉ የምትለኩት የአየሩን ሳይሆን የውሃውን ግፊት ነው። ከታንኳ ጫፍ ክዳኑን ስታወልቁ የጎማ ዓይነት ቫልቭ ታገኛላችሁ። በጎማ መለኪያ ለኩ፣ ካነሰ በእጅ መንፊያ ሙሉ፣ ከበዛ ቫልቩን ጫን አድርጋችሁ አስተንፍሱ። የጎሚስታው ጌጅ የሚያነበው በሌላ መለኪያ ከሆነ 1 ባር እዚያ ላይ 14 ተኩል ገደማ ነው። ቫልቩን ስትጫኑ አየር ሳይሆን ውሃ ከወጣ ፊኛው ተቀዷል፤ መንፋት ዋጋ የለውም፣ ፊኛውን ቀይሩ።

አሁን ደግሞ ሮቢት ስለሆንን ብቻ የምጽፈው ነገር። እዚህ ጠዋትና ቀትር የተለያዩ አገሮች ናቸው። ጠዋት በ20 ዲግሪ 1.0 ባር የተሞላች ታንክ፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስትመታት 45 ዲግሪ ስትደርስ አየሩ ተስፋፍቶ ግፊቱ ወደ 1.15 ይወጣል። ለመነሻው ለ1.2 ልትደርስ ምንም አልቀራት፤ ቀትር ላይ ብቻ የሚመጣ የሻወር መቆራረጥ ካያችሁ ይሄንን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ታንኳን ጥላ ላይ ማስቀመጥ ነው። ፓምፑም እንዲሁ። የተለመደ ሞተር የሚሠራው በዙሪያው ያለው አየር እስከ 40 ዲግሪ እስኪደርስ ታስቦ ነው። እኛ ግን ከዝናብ ለማዳን ብለን በቆርቆሮ ሳጥን አሽገን ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን። ያ ሳጥን በሚያዝያ ቀትር ምጣድ ነው። ከላይ ጣሪያ ብቻ አድርጉለት፣ ጎኖቹን ክፍት ተዉ።

መጠኗስ? በእትዬ ቤት አሞላል ባለ 24 ሊትሯ ታንክ ፓምፑ ሳይነሳ የምትሰጠው 7 ሊትር ገደማ ነው። 24 የተባለው የብረቱ ሆድ ነው፣ ሁሉም ውሃ አይደለም። ባለ 2 ሊትሯ በዚያው አሞላል የምትሰጠው ከአንድ ሊትር በታች ነው፣ 0.6 ገደማ። በደቂቃ 8 ሊትር የሚወስድ ሻወር እሷን በአምስት ሰከንድ ይጨርሳታል፤ ፓምፑ ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ ይሞላታል፤ እንደገና ያልቃል። አንድ ሰው ታጥቦ እስኪወጣ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ቁጠሩት። ሞተር በጣም የሚሞቀው ደግሞ ሲነሳ ነው፤ የስዊቹም መገናኛ በእያንዳንዱ መነሳት ይበላል። በ24ቷ ግን አንድ ጊዜ ተነስቶ እስኪመለስ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይቆያል። ለዚህ ነው በጀት ያጠረው ሰው ሲጠይቀኝ «ፈረሱን ቀንስ፣ ታንኩን አሳድግ» የምለው። ሻጩ በተቃራኒው ይመክራችኋል።

ሁለት ትንንሽ እቃዎች ቀሩ። አንደኛው ሮቶ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ፍሎት ነው፤ ውሃው ሲያልቅ መብራቱን ይቆርጣል። የተለመደው ፕሬዠር ስዊች ደረቅ መሆኑን አያውቅም። ሮቶው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ዜሮ ነውና «አነሰ፣ ተነስ» እያለ ፓምፑን ያቃጥለዋል። ሁለተኛው ከሮቶውና ከፓምፑ መካከል የሚገባ ቼክ ቫልቭ ነው፤ እሱ ከሌለ በታንኳ የታመቀው ውሃ ወደ ሮቶ ይመለሳል። ማንም ሳይከፍት ሌሊት ፓምፑ በየተወሰነ ጊዜ «እህህ» እያለ የሚነሳባችሁ ከሆነ፣ ከታንኳ በኋላ ወደ ቤት የሚሄደውን መስመር ዝጉና ጌጁን ተመልከቱ። ግፊቱ አሁንም የሚወርድ ከሆነ ቼክ ቫልቩ ነው፤ ቆሞ ከቀረ ቤት ውስጥ የሆነ ሽንት ቤት ያፈሳል።

«በታንክና በስዊቹ ፈንታ ያችን የኤሌክትሮኒክስ አውቶማቲክ ብገጥምስ?» የምትሉ አላችሁ። ደረቅ ሩጫን ትከላከላለች፣ ቦታ አትይዝም፣ ይህን አልክድም። ግን ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑን ታስነሳለች፣ የሚያንጠባጥብ አንድ ቧንቧ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ታስለፋዋለች። ውስጧ ያለው ካርድ ደግሞ የኛን መብራት መውጣት መውረድ አይወድም፤ ሲቃጠል እዚህ የሚጠግነው የለም። የስዊቹን መገናኛ ግን ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን በካቻቢቴ ከፍቶ ያጸዳዋል። እኔ ስዊቹን እመርጣለሁ።

እትዬ ቤት አሁን ሁለቱም ፎቅ ውሃ አለ። ተማሪዬ በየሦስት ወሩ እየሄደ የታንኳን አየር ይለካል፣ በዓመት አንዴ ደግሞ የማታውን ልኬት ይደግማል፤ ቁጥሮቹን በማርከር ግድግዳው ላይ ጽፎላቸዋል፦ መነሻ 1.2፣ ማቆሚያ 2.2፣ አየር 1.0። እሳቸውም ጌጁን ማንበብ ለምደው «ዛሬ ሁለት ከሁለት ላይ ቆማለች» እያሉ ይደውሉለታል።

ከዚህ በኋላ በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ የፓምፑን ፎቶ ብቻ አትላኩ። ቧንቧ ተዘግቶና ተከፍቶ ጌጁ ያሳየውን፣ ጀሪካኑ የሞላበትን ደቂቃ፣ ከፓምፑ እስከ ላይኛው ሻወር ያለውን ሜትርና የማታውን ቮልት ጻፉልኝ። አታዬም ሆናችሁ ደብረ ሲና፣ ከእነዚህ ተነስተን አብረን እናሰላዋለን።